ዳኛው የማያየው ስም

ሌሊት ነው። አንድ ተኩላ የእንጨት በር ዘሎ ሲያልፍ፣ እግሮቹ ገና መሬት ሳይነኩ የካሜራው ብልጭታ ይይዘዋል። «የተረቱ ተኩላ» የሚል ትርጉም ያለው ስም የተሰጠው ይህ ፎቶ እ.ኤ.አ. በ2009 በለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የዱር እንስሳት ፎቶ ውድድር ላይ ከ43,000 በላይ ፎቶዎችን በልጦ አንደኛ ወጣ። አንሺው ስፔናዊው ሆሴ ሉዊስ ሮድሪጌዝ ሲሆን ሽልማቱ 10,000 ፓውንድ ነበር። ወራት ሳይቆጠሩ፣ በጥር 2010፣ ሽልማቱ ተሰረዘ። ተኩላውን እናውቀዋለን የሚሉ ሰዎች መጥተው ነበር። እንደነሱ አባባል እንስሳው በዱር የሚኖር ሳይሆን በማድሪድ አቅራቢያ ባለ የእንስሳት መጠበቂያ ያደገ፣ ከሰው ጋር የተላመደ ተኩላ ነው። የውድድሩ ደንብ ደግሞ ለቀረጻ የሚከራዩ እንስሳትን አይፈቅድም። ዳኞቹ ማስረጃውን መርምረው ክሱ እውነት ሊሆን እንደሚችል ደመደሙ። ፎቶ አንሺው ክሱን አስተባብሏል።

በዚህ ውድድር ዳኞች ፎቶዎቹን የሚመዝኑት የአንሺውን ስም ሳያዩ ነው። አሠራሩ በብዙ ታላላቅ የፎቶ ውድድሮች የተለመደ ሲሆን ዓላማውም ግልጽ ነው፦ ነጥቡ የሚሰጠው ለፎቶው እንጂ ለባለቤቱ ዝና እንዳይሆን። የተኩላው ፎቶ የወደቀበት ጥያቄ ግን ስለ ባለቤቱ የሚነሳ ነበር። ማን አነሳው? የት? እንዴት? ስም መሸፈን የሚጠቅመው የትኛው ጥያቄ ላይ እንደሆነና የትኛውን እንደሚጋርድ ለማየት ከመጀመሪያው መነሳት ይሻላል።

ስሙ ቀድሞ ሲደርስ

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። በዳኝነት ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ስም ከሥራው ቀድሞ ይደርሳል። ይህ የሐሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኡልሪክ ኪርክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 «ኒውሮኢሜጅ» በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት ባሳተሙት ጥናት የሥነ ጥበብ ሥልጠና ለሌላቸው ሰዎች ረቂቅ ሥዕሎችን አሳይተው ምን ያህል እንደወደዷቸው በነጥብ እንዲገልጹ ጠየቁ። አንዳንዶቹ ሥዕሎች ከታወቀ የዴንማርክ ሙዚየም የመጡ፣ ሌሎቹ ደግሞ አጥኚው በኮምፒውተር ያመነጫቸው እንደሆኑ ተነገራቸው። እውነቱ ግን የትኛው ሥዕል የትኛውን መለያ እንደሚይዝ በዕጣ የተወሰነ መሆኑ ነበር።

«የሙዚየም» የተባሉት ሥዕሎች የተሻለ ነጥብ አገኙ። ተሳታፊዎቹ ነጥብ ሲሰጡ አንጎላቸው በመሣሪያ እየተቀረጸ ነበርና አንድ ነገር ደስ ሲያሰኝ ወይም ዋጋ ሲሰጠው የሚነቃው የአንጎል ክፍል ለ«ሙዚየም» ሥዕሎች ይበልጥ ሲነቃ ታየ። ይህ ማለት ሰዎቹ ለታዋቂው ተቋም ብለው እያወቁ አላደሉም፤ የትውልድ ቦታው የተነገራቸው ሥዕል በእርግጥም ይበልጥ አስደስቷቸዋል። ለዚህ ነው ዳኛን «ስሙን እያየህ አታዳላ» ብሎ መምከር ብዙም የማይፈይደው። ያላየውን ስም ግን ሊያደላለት አይችልም።

ከፋይሉ ሆድ ውስጥ

ስም መሸፈን ከፎቶው ጥግ ላይ ፊርማ መቁረጥ ብቻ የሚመስላቸው አዘጋጆች ብዙ ናቸው። ፊርማውና በፎቶው ላይ የታተመው የስቱዲዮ ስም መውጣታቸው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ስም የሚያፈስ ቀዳዳ ሌላም አለ። የመጀመሪያው የፋይሉ ስም ነው። `Dawit_Lalibela_03.jpg` የሚል ፋይል የተከፈተለት ዳኛ ፎቶውን ከማየቱ በፊት ዳዊትን አይቷል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፎቶ `K-017.jpg` ዓይነት ትርጉም የለሽ መለያ ይሰጠዋል። መለያውን ከባለቤቱ ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር ደግሞ በዳኝነቱ በማይሳተፍ አንድ ሰው እጅ ብቻ ይቀመጣል። ቁጥሩ በምዝገባ ቅደም ተከተል ከተሰጠ የአንድ ሰው ሦስት ፎቶዎች ተከታትለው ይመጡና አንዱ የታወቀበት ሌሎቹንም ያሳውቃል፤ ስለዚህ ቁጥሩም በዕጣ መደልደል አለበት።

ሁለተኛው ቀዳዳ በዓይን አይታይም። ዲጂታል ካሜራ በእያንዳንዱ ፋይል ውስጥ ሜታዳታ የሚባል መረጃ ይጽፋል፦ ፎቶው የተነሳበት ቀንና ሰዓት፣ የካሜራው ዓይነት፣ አንዳንዴም የካሜራው መለያ ቁጥርና ፎቶው የተነሳበት ቦታ። ብዙ ባለሙያዎች ደግሞ ስማቸውንና ስልካቸውን ራሳቸው ያስገባሉ። ዳኛው የፋይሉን ዝርዝር ሲከፍት ይህ ሁሉ ይወጣል። አዘጋጆች በዚህ በኩል ከሚጠቀሙባቸው ነጻ መሣሪያዎች አንዱ `exiftool` ሲሆን ትእዛዙ አጭር ነው፦

```
exiftool -all= --icc_profile:all K-017.jpg
```

የመጀመሪያው ክፍል በፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን መረጃ ይሰርዛል፤ ሁለተኛው ግን የቀለም መግለጫውን እንዳይነካ ያስጠነቅቃል። የቀለም መግለጫው አብሮ ከተሰረዘ አንዳንድ ፎቶዎች በዳኛው ስክሪን ላይ ደብዝዘው ስለሚታዩ፣ አድልዎን ለማስወገድ የተወሰደው እርምጃ ራሱ ፎቶውን ይጎዳል። ሌላም ወጥመድ አለ። መሣሪያው የመጀመሪያውን ፋይል `K-017.jpg_original` ብሎ እዚያው አጠገቡ ያስቀምጠዋል። ማኅደሩን እንዳለ ለዳኞች የላከ አዘጋጅ የሸፈነውን ስም ከነሽፋኑ አስረከበ ማለት ነው። ይህ የመጀመሪያ ፋይል ለዳኞች አይላክም፤ አይጠፋምም። ለምን እንደማይጠፋ ወደ በኋላ ይታያል።

ሽፋኑ ሠርቷል ወይ?

ስም ከተሸፈነ በኋላ አዘጋጆች አብዛኛውን ጊዜ ሥራው ያለቀ ያህል ይቆጥሩታል። ሽፋኑ መሥራቱን መፈተሽ ግን ከባድ አይደለም። ዳኞቹ ነጥባቸውን ሰጥተው ወረቀቱ ከተሰበሰበ በኋላ፣ የተወዳዳሪዎች ስም ዝርዝር ይሰጣቸውና የእያንዳንዱን ፎቶ ባለቤት እንዲገምቱ ይጠየቃሉ። ጥያቄው ከነጥቡ በፊት ከቀረበ ግን ዳኛውን ራሱን ወደ ግምት ይመራዋል፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት።

ስምንት ፎቶ አንሺዎች ሦስት ሦስት ፎቶ ያስገቡበት፣ አምስት ዳኞች ከአሥር ነጥብ የሚሰጡበት አንድ አነስተኛ ውድድር ለምሳሌ ይወሰድ። ፎቶዎቹ 24 ናቸው። ምንም የማያውቅ ዳኛ በግምት ብቻ ከስምንት አንዱን፣ ማለትም ሦስት ያህሉን ያገኛል። አንድ ዳኛ አራት ወይም አምስት ቢያገኝ ዕድል ሊሆን ይችላል። አሥራ አንድ ካገኘ ግን ለእሱ ሽፋኑ ተቀዷል።

መቀደዱ ግን ፍርዱን አዛብቷል ማለት ገና አይደለም። የታወቁት ፎቶዎች ከፍ ያለ ነጥብ ቢያገኙም ምክንያቱ አድልዎ ላይሆን ይችላል፤ ጎበዝ አንሺ በስልቱ ይታወቃልና ፎቶዎቹም በእርግጥ የተሻሉ ሊሆኑ ይችላሉ። ትክክለኛው ንጽጽር በአንድ ፎቶ ላይ ባለቤቱን ያወቁትንና ያላወቁትን ዳኞች ጎን ለጎን ማቆም ነው። K-017ን ሁለት ዳኞች የማን እንደሆነ አውቀው ዘጠኝ ዘጠኝ ሰጡት እንበል። ያላወቁት ሦስቱ ደግሞ ሰባት፣ ስድስትና ሰባት ሰጡት። የአምስቱ አማካይ 7.6 ሲሆን ያላወቁት የሦስቱ ብቻ 6.7 ያህል ይሆናል። በመካከል 7.2 ያገኘ ሌላ ፎቶ ካለ፣ ደረጃው የተወሰነው ባወቁት ሁለት ሰዎች ነው ማለት ነው። በአንድ ፎቶ ላይ የታየ ልዩነት የጣዕም ልዩነት ሊሆን ይችላል። በታወቁት ፎቶዎች በአብዛኛው ላይ ልዩነቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ካዘነበለ ግን ስሙ እየገባ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ ጥቂት ፎቶዎችን በሌላ መለያ ደግሞ ማስገባትም ብዙ ይናገራል። ጠዋት ስምንት የሰጠውን ፎቶ ከሰዓት በኋላ አምስት የሚሰጥ ዳኛ ካለ፣ ችግሩ ከስም ጋር አይገናኝም። ድካም ወይም ከፎቶው በፊት የታየው ሌላ ፎቶ ነው ያወዛወዘው። ስም መሸፈን ለዚህ መድኃኒት አይሆንም፤ የሚረዳው ለእያንዳንዱ ዳኛ የፎቶዎቹን ቅደም ተከተል መለዋወጥና በየመሀሉ ማሳረፍ ነው።

ዓለም ሁሉ ያየው ፎቶ

ከላይ የተነገረው ሁሉ በጥንቃቄ ቢሠራም ሽፋን የማይገኝላቸው ፎቶዎች አሉ። ታኅሣሥ 19 ቀን 2016 በአንካራ በአንድ የሥነ ጥበብ ማዕከል የሩሲያው አምባሳደር አንድሬ ካርሎቭ ንግግር እያደረጉ ሳለ በጥይት ተገደሉ። የአሶሺየትድ ፕሬሱ ቡርሃን ኦዝቢሊጂ ከቦታው ሳይሸሽ ገዳዩን ሽጉጥ እንደያዘ፣ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ ሲጮህ አነሳው። ፎቶው በሰዓታት ውስጥ ከነአንሺው ስም በዓለም ጋዜጦችና ድረ ገጾች ተሰራጨ። ከሁለት ወር በኋላ በአምስተርዳም የ«ወርልድ ፕሬስ ፎቶ» ዳኞች ፊት ሲቀርብ ስም አልተጻፈበትም። በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ግን ሥራቸው የዜና ፎቶ የሆነ ሰዎች ናቸው። ማን እንዳነሳው፣ በምን ሁኔታ እንዳነሳው የማያውቅ ይኖራል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

ፎቶው የ2017 የዓመቱ ፎቶ ተብሎ ተመረጠ። የዳኞቹ ሰብሳቢ ስቱዋርት ፍራንክሊን ለዚህ ክብር ድምፅ እንዳልሰጡት በይፋ ጻፉ። የፎቶ አንሺውን ድፍረት አድንቀው፣ ያሳሰባቸው ግን ግድያን እንዲህ ከፍ አድርጎ ማሳየት ለገዳዩ መልእክት መድረክ መስጠት መሆኑ ነው አሉ። ክርክሩ ስለ አንሺው ማንነት አልነበረም፤ ፎቶው በዓለም ውስጥ ስለሚሠራው ሥራ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ስም መሸፈን አይጎዳም፤ ግን የሚያመጣው ለውጥም ጥቂት ነው። የሚሻለው ዳኛው ከአንሺው ጋር የሥራ፣ የዝምድና ወይም የጥቅም ግንኙነት እንዳለው አስቀድሞ እንዲያሳውቅና በዚያ ፎቶ ላይ ድምፅ እንዳይሰጥ ማድረግ ነው። ስሙን የሚያውቅን ሰው አያውቅም ብሎ መቁጠር ግን ውድድሩን ያልሆነውን ያስመስለዋል።

ስልትም እንዲሁ ያጋልጣል። ለዓመታት በአንድ ዓይነት ብርሃን፣ በአንድ ዓይነት ርቀት፣ በአንድ አካባቢ ሲያነሳ የኖረ ሰው ፎቶው ራሱ ፊርማው ነው። ተወዳዳሪው በበዛ ቁጥር ይህ ይቀንሳል፤ ሁሉም በሚተዋወቅበት ትንሽ የሙያ ክበብ ውስጥ ግን ዋናው ቀዳዳ ይሆናል። እንዲህ ባለው ቦታ አዘጋጆች ከከተማው ወይም ከሙያ ክበቡ ውጭ ዳኛ ቢያስመጡ ከየትኛውም የፋይል ጽዳት ይበልጥ ይረዳቸዋል።

ስሙ የሚያስፈልግበት ሰዓት

የሚከብደው ግን የተኩላውን ፎቶ የጣለው ጥያቄ ነው። እዚያው የለንደኑ ውድድር ላይ በ2017 ሌላ ፎቶ በምድቡ አሸነፈ፦ በብራዚል ኤማስ ብሔራዊ ፓርክ፣ በሌሊት፣ ጥቃቅን የሚያበሩ ነፍሳት የከተሙበት የምስጥ ኩይሳ፣ ሥሩም ለምስጥ የመጣ ግዙፍ ጉንዳን በል እንስሳ። አንሺው ማርሲዮ ካብራል ነበር። ከጊዜ በኋላ ለሙዚየሙ ጥቆማ ደረሰ፤ እንስሳው በፓርኩ የጎብኚዎች መግቢያ ላይ ለእይታ የቆመውን፣ ሞቶ ቆዳው የተሞላውን ጉንዳን በል ይመስላል የሚል።

ሙዚየሙ ጉዳዩን ለአምስት ሳይንቲስቶች ሰጠ። ለየብቻቸው ሠርተው የደረሱበት መደምደሚያ አንድ ነበር። በአንገትና በራስ ላይ ያሉት የቀለም መስመሮች፣ የቆሙት የጸጉር ጉንጉኖች፣ የአካሉ ቅርጽና አቋቋሙ በአጋጣሚ ሊገጣጠሙ ከሚችሉት በላይ ተመሳስለዋል። ካብራል ካሜራው የጻፋቸውን ጥሬ ፋይሎች እንዲያቀርብ ተጠይቆ፣ ከአሸናፊው ፎቶ በፊትና በኋላ የተነሱትን አመጣ። እንስሳው ግን ከነዚህ በአንዱም ውስጥ አልነበረም። ፎቶው በሚያዝያ 2018 ከውድድሩ ተሰረዘ፤ አንሺው ግን እስከ መጨረሻው ክሱን አልተቀበለም።

በሁለቱም ታሪኮች ውስጥ የተደበቀው ስም የዳኞቹን ሚዛን አላዛባም። ፎቶዎቹ በዓይን ሲታዩ የሚያምሩ ነበሩና ያማረውን መረጡ። ስም የሌለው ፎቶ ግን «አንተ የት ነበርክ? ይህን እንስሳ ስንት ሌሊት ጠበቅከው? ከዚህ ቀጥሎ የተነሳውን አሳየኝ» ተብሎ አይጠየቅም። እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስ ሰው ነው። ለሥነ ጥበብ ፎቶ ይህ ብዙም ላያሳስብ ይችላል። ፎቶው እውነት ነው ብሎ ራሱን ለሚያቀርብበት ለዜናና ለተፈጥሮ ፎቶ ግን የሥራው ግማሽ እሱ ነው።

መፍትሔው ሽፋኑን መጣል አይደለም፤ ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። «ወርልድ ፕሬስ ፎቶ» የሚሄድበት መንገድ ይህን ይመስላል። ወደ መጨረሻዎቹ ዙሮች የደረሱ ሥራዎች ባለቤቶች ካሜራው የጻፈውን ጥሬ ፋይል እንዲልኩ ይጠየቃሉ። ፋይሉን ከቀረበው ፎቶ ጋር የሚያመሳክሩት ከዳኞቹ የተለዩ ባለሙያዎች ናቸው። የተጨመረ ወይም የተወገደ ነገር ካለ ለዳኞች ይነገራል። በ2015 ከመጨረሻው በፊት ባለው ዙር ከደረሱት ሥራዎች 20 በመቶው በዚህ ምርመራ ወደቁ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቁጥሩ 8 በመቶ ነበር። ፎቶውን ለመመዘን ስም አያስፈልግም፤ ለማረጋገጥ ግን ያስፈልጋል። ስለዚህ ስሙ ከዳኛው ይደበቃል እንጂ ከመርማሪው አይደበቅም። ከላይ የተነገረው የመጀመሪያ ፋይል እንዳይጠፋ የሚባለውም ለዚህ ነው።

ይህም ሁሉን አይዝም። በዚያው ዓመት ጣሊያናዊው ጆቫኒ ትሮይሎ ስለ ቤልጅየሟ የሻርልሯ ከተማ ባቀረበው ተከታታይ ፎቶ አሸንፎ ነበር። የከተማዋ ከንቲባ ሥራው ከተማቸውን ያዛባል ብለው አቤት አሉ። አዘጋጆቹ መጀመሪያ ሽልማቱን አጸኑት። ኋላ ግን ከፎቶዎቹ አንዱ የተነሳው ሻርልሯ ሳይሆን ብራስልስ ውስጥ መሆኑ ተረጋገጠና በመጋቢት 2015 ሽልማቱ ተነሳ። ጥሬ ፋይል በምስሉ ላይ የተነካ ነገር መኖሩን ያሳያል፤ ከሥሩ የተጻፈው የቦታ ስም ውሸት መሆኑን ግን ለብቻው አይናገርም። ያንን ያወጣው አንሺውን በስሙ መጠየቅና ከተማዋን የሚያውቁ ሰዎች መናገራቸው ነው።

ወደ ጠረጴዛው ያልደረሰው

ስም መሸፈን የሚሠራው ጠረጴዛው ላይ በደረሱት ፎቶዎች መካከል ነው። ማን እንደደረሰ አይነካም። በ2020 የአሶሺየትድ ፕሬሱ ኢትዮጵያዊ ፎቶ አንሺ ሙሉጌታ አየነ በ«ወርልድ ፕሬስ ፎቶ» የሰበር ዜና ተከታታይ ፎቶ ምድብ አንደኛ ወጣ። ሥራው በመጋቢት 2019 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ባለቁበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 አደጋ ላይ ሲሆን፣ ከዚያው ሥራ አንዱ ለዓመቱ ፎቶ ከታጩት መካከል ነበር። ያ ፎቶ እዚያ የደረሰው ግን አንሺው በአካባቢው ስለነበረ፣ ዓለም አቀፍ ድርጅት ስለቀጠረውና ሥራው ወደ ውድድሩ ስለተላከ ነው። ከአፍሪካ፣ ከደቡብ አሜሪካና ከእስያ ብዙ ክፍሎች የሚመጣው ሥራ ጥቂት በሆነበት ውድድር ዳኛው ምንም ያህል ስም ባያይ ውጤቱ ብዙ ወደላከው ክፍል ያዘነብላል።

አዘጋጆቹ ይህን ተቀብለው ከ2022 ጀምሮ ውድድሩን በስድስት የዓለም ክፍሎች ከፈሉት፤ አፍሪካም አንዷ ናት። ለእያንዳንዱ ክፍል አካባቢውን የሚያውቁ ዳኞች ተሰየሙ፤ የክፍሎቹ አሸናፊዎች ደግሞ ወደ ዓለም አቀፉ ዳኝነት ይሻገራሉ። እዚህ ላይ የሆነው ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ውድድሩ ፎቶው ከየት እንደመጣ መደበቁን ትቶ የመመደቢያው መሠረት አደረገው፤ የአንሺው ስም ግን እንደተሸፈነ ቀረ።

ማሽን ወይስ ሰው?

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ «ማን ሠራው» የሚለው ጥያቄ ራሱ ተለውጧል። በ2023 ጀርመናዊው ቦሪስ ኤልዳግሰን በሶኒ የዓለም የፎቶ ሽልማት በአንድ ምድብ አሸንፎ ሳለ ሽልማቱን አልቀበልም አለ። ያሸነፈው ምስል የተሠራው በሰው ሠራሽ አስተውሎት ነበር፤ እንዲህ ያለ ምስልና ፎቶግራፍ በአንድ ሚዛን መወዳደር የለባቸውም የሚል ክርክር ለማንሳት እንደሆነም ተናገረ። በሚቀጥለው ዓመት ማይልስ አስትሬይ የተባለ ፎቶ አንሺ ነገሩን ገለበጠው። በማሽን ለተሠሩ ምስሎች በተዘጋጀ የውድድር ምድብ ውስጥ በካሜራ ያነሳውን እውነተኛ ፎቶ አስገባ፦ አንገቱን አጥፎ ሆዱን የሚያክ ፍላሚንጎ፣ ራሱ የሌለ የሚመስል። ዳኞቹ ሦስተኛ አወጡት፣ የሕዝቡንም ድምፅ አሸነፈ። እውነቱን ሲናገር ሥራው ከምድቡ ተሰረዘ።

በሁለቱም ጊዜ ሽልማቱን የሰጡት ዓይኖች አልተታለሉም ማለት ይቻላል፤ የወደዱትን ምስል ነው የመረጡት። የተሳሳቱት ስለ ሠሪው ነው፤ ምስሉን ብቻ እያዩ ደግሞ ይህን ለማወቅ መንገድ አልነበራቸውም። ዛሬ የፎቶ ውድድር የሚያዘጋጅ ሰው በደንቡ ላይ ሦስት ነገሮችን ጽፎ ማስቀመጥ ይኖርበታል፦ የስም ዝርዝሩ በማን እጅ እንደሚቆይ፣ ዳኞች ነጥባቸውን ካስረከቡ በኋላ በየትኛው ሰዓት እንደሚከፈት፣ እንዲሁም ለሽልማት የታጨ ሰው ጥሬ ፋይሉንና ከአሸናፊው ፎቶ ፊትና ኋላ የተነሱትን በስንት ቀን ውስጥ ማምጣት እንዳለበት። ያላመጣ ተወዳዳሪ ነጥቡ ምንም ያህል ቢሆን ቦታው ለቀጣዩ ይሰጣል።